የጎደለ ሰነድ ደብዳቤ፦ በቴምፕሌት እየጻፍን ለአንድ ሰው እንደጻፍን እንዲታወቅ
(ለሬጅስትራርና ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች በተዘጋጀ የሥልጠና መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! በዚህ መድረክ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከየማሠልጠኛ ተቋማቱ የመጣችሁ የሬጅስትራር ሠራተኞች እንደምትበዙ ስለተነገረኝ ንግግሬን ያዘጋጀሁት በእናንተው ጠረጴዛ ላይ በየዕለቱ በሚያልፍ አንድ ደብዳቤ ላይ ነው።

ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር የምንጽፈውን ያን ደብዳቤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ ነገር ግን የጎደለ ሰነድ አለ» የሚለውን ማለቴ ነው። ይህን ደብዳቤ ጽፎ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል? አንዱ ትራንስክሪፕቱን ሳያያይዝ ይልካል፤ ሌላዋ የመታወቂያዋን የፊት ገጽ ብቻ ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ የሌላው የባንክ ደረሰኝ ደብዝዞ አይነበብም። ጉዳዩ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን ልዩ ልዩ ነው። እኛም በምዝገባው ጥድፊያ መካከል ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፦ ወይ እያንዳንዱን መልስ ከባዶ እየጻፍን እኩለ ቀን ሳይደርስ እንደክማለን፣ ወይ አንዱን ጽሑፍ እየገለበጥን ለሁሉም እንልካለን። የመጀመሪያው መንገድ ለእኛ አይበጅም፤ ሁለተኛው ደግሞ ደብዳቤው ለሚደርሰው ሰው አይበጅም።

በመካከል ያለውን መንገድ በሦስት ነጥቦች አቀርብላችኋለሁ። አንደኛው ቴምፕሌቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛው አማርኛ ራሱ በቴምፕሌት ላይ የሚያስነሣው ጥያቄ ነው፤ እርሱም የስም፣ የአክብሮት፣ የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። ሦስተኛው በቴምፕሌቱ ውስጥ ሆን ብለን ክፍት የምንተወው አንድ ዐረፍተ ነገርና ከመላካችን በፊት የምናደርገው ፍተሻ ነው። ስለዚህ ነገር የእንግሊዝኛ ምክር በብዛት ሲገኝ ለአማርኛ ግን ብዙም ስለማይገኝ፣ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁና አስቀድሜ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ቴምፕሌት ለማዘጋጀት ባዶ ገጽ ከፍታችሁ አትቀመጡ። ባዶ ገጽ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚጽፈው «ለተቋማችን ስላሳዩት ፍላጎት ከፍተኛ ምስጋናችንን እያቀረብን» የሚል፣ ለማንም የማይናገር ደብዳቤ ነው። ይልቁንስ የላካችኋቸው ኢሜይሎች ወደሚቀመጡበት ወደ «Sent» ሂዱ። በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፋችኋቸውን አሥር ያህል ደብዳቤዎች አውጡና አትሙ፤ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁም አንብቧቸው። በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመውን በአንድ ቀለም አስምሩበት፤ ከሰው ሰው የሚለያየውን በሌላ ቀለም ክበቡት።

ይህን ስታደርጉ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ፈጽሞ የማይለወጠው ነው፦ የሚፈለጉት ሰነዶች፣ ሰነዱ የሚላክበት መንገድ፣ ቀኑ ካለፈ የሚሆነው ነገር። ሁለተኛው ቦታው ተመሳሳይ ሆኖ ይዘቱ የሚለያየው ነው፦ ስም፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ የጎደለው ሰነድ፣ ቀን። ሦስተኛው ግን ምንም ዓይነት ሥርዓት የሌለው የሚመስለው ነው። በአንዱ ደብዳቤ ላይ «ከጎንደር መምጣት እንደሚቸግርዎ ስለገለጹልን» ብላችኋል፤ በሌላው «ስልክዎን ደጋግመን ሞክረን አልተነሣም» ብላችኋል፤ በሌላው ምንም አላላችሁም። ቴምፕሌት የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሦስተኛውን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ ይሰርዘዋል። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሆኖ የሚቀረው በዚያች ቅጽበት ነው። ይህ ክፍል መሰረዝ የለበትም፤ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በሠራሁበት አንድ ቢሮ ውስጥ የነበረች ባልደረባዬ ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ሌሎቻችን «ያቀረቡት ሰነድ ያልተሟላ ስለሆነ አሟልተው ያቅርቡ» ስንል፣ እርሷ «የትራንስክሪፕትዎ የመጀመሪያ ገጽ ደርሶናል፤ ማኅተሙ ያለበት ሁለተኛው ገጽ ግን አልተያያዘም» ብላ ትጽፍ ነበር። ለእኛ ደብዳቤ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ነበር፦ «የቱ ሰነድ ነው የጎደለው?» ለእርሷ ደብዳቤ የሚመጣው መልስ ደግሞ ራሱ ሁለተኛው ገጽ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከምስጋና ጋር። ልብ በሉ፤ የምትጽፈው ከእኛ የበለጠ ረጅም አልነበረም፤ ማሞካሻ ቃልም አልጨመረችም። ማመልከቻው መነበቡን የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ ታስገባ ነበር። ደብዳቤን የግል የሚያደርገው ከላይ የተጻፈው ስም ብቻ አይደለም። የተቀባዩ ፋይል ተከፍቶ እንደታየ የሚያሳየው ዐረፍተ ነገር ነው።

እንግዲህ ከአሥሩ ደብዳቤዎች የሚወጣው ቴምፕሌት ይህን ይመስላል። ክፍት ቦታዎቹን በሦስት የቁጥር ምልክቶች አመልክቻቸዋለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

```
ርዕስ፦ የ###ስም ማመልከቻ፦ የቀረ ሰነድ

ጤና ይስጥልኝ ###መጠሪያና ስም፦

###ለጻፉት ነገር መልስ፤ ከሌለ መስመሩ ይጥፋ

ለ###ሥልጠና ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶናል።
ከሰነዶችዎ መካከል እስካሁን ያልደረሰን፦
###የሰነዱ ስም እና የጎደለው ነገር

እስከ ###ዕለት፣ ወር፣ ቀን፣ ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ
ለዚህ ኢሜይል መልስ በመስጠት ቢልኩልን ምዝገባዎን እንጨርሳለን።
ከዚያ ቀን በኋላ የሚደርሰን ሰነድ ለሚቀጥለው ዙር ይያዛል።

###የጻፈው ሠራተኛ ስም እና ቀጥታ ስልክ
```

ክፍት የሆነው መልስ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ከጉዳዩ በፊት መቀመጡን እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ከታች፣ ከፊርማው በላይ ብናስቀምጠው ሠራተኛው እዚያ ሲደርስ ሐሳቡ ወደሚቀጥለው ማመልከቻ ስለሚሄድ ሳይሞላው ያልፋል። ከላይ ሲሆን ግን ማመልከቻውን አሁን ዘግቶ የመጣ ዓይን የመጀመሪያ ማረፊያው ስለሚሆን፣ ያነበበው ነገር ከአእምሮው ሳይወጣ ይጽፈዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አማርኛው እንምጣ።

በእንግሊዝኛ «you» ብሎ የጻፈ ሰው ለወንድም ለሴትም፣ ለታናሽም ለታላቅም ጽፏል። እኛ ግን ግሥ በነካን ቁጥር ከማን ጋር እንደምንነጋገር እንናገራለን። ልከሃል፣ ልከሻል፣ ልከዋል፤ ሦስቱም ልዩ ናቸው። ይህን ችግር ለማለፍ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ፦ «ሰነድህን/ሽን አሟልተህ/ሽ እንድታቀርብ/ቢ» ብለው ይጽፋሉ። እስቲ ንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ለእኔ ተጻፈ ብሎ ያምናል? ያ ያዘመመ ጭረት «ማን እንደሆንክ አላየንም» እያለ ነው። ከቴምፕሌታችሁ ውስጥ አንድም ጭረት ሳታስቀሩ አውጡት።

መፍትሔው አንቱታ ነው። «እርስዎ» ጾታ ስለማይለይ አንዱ ግሥ ለሁሉም ይሆናል፤ ከመሥሪያ ቤት ለተገልጋይ ሲጻፍም ተገቢው እርሱ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ቢሆንም እንኳ ከመሥሪያ ቤት «እርስዎ» ሲባል ቅር አይለውም። ነገር ግን አንቱታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጽኑት። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ቋሚው ክፍል በ«እርስዎ» ተጽፎ፣ ሠራተኛው በእጁ የሚሞላው ክፍል በ«አንተ» መጻፉ ነው። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ብሎ ጀምሮ «ደረሰኝህ አይነበብም» ሲል፣ አንባቢው ደብዳቤው ከሁለት ቦታ እንደተገጣጠመ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው የአማርኛ ጉዳይ ክፍት ቦታው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። «ለ» እና «የ» ከስሙ ፊት ስለሚቆሙ ችግር አያመጡም። «ዎ» ደግሞ ከኋላ ይለጠፋል እንጂ የቃሉን ፊደል አይለውጥም፤ ደረሰኝዎ፣ መታወቂያዎ፣ ትራንስክሪፕትዎ እንላለን። ችግር የሚመጣው የታወቀ ነገርን ስናመለክት ነው። ደረሰኝ ደረሰኙ ይሆናል፣ መታወቂያ መታወቂያው ይሆናል፣ ትራንስክሪፕት ትራንስክሪፕቱ ይሆናል፤ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል ወይም ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ «###ሰነዱ አልደረሰንም» ብላችሁ ዐረፍተ ነገሩን ካዋቀራችሁ ከዝርዝር የሚመጣው ቃል አይገጥምም። ከዚህም ሌላ አንድ ሰነድ ሲሆን «አልደረሰንም»፣ ሁለት ሲሆኑ «አልደረሱንም» ስለሚል ቁጥሩም ይጋጫል። በቴምፕሌቱ ውስጥ «እስካሁን ያልደረሰን፦» ብዬ የሰነዱን ስም በራሱ መስመር ላይ ያቆምኩት ለዚህ ነው። ክፍት ቦታ ከግሥ ጋር ሳይጣበቅ ለብቻው ሲቆም ምንም ቢገባበት ሰዋስው አይሰበርም።

ሦስተኛው ስም ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስቀየመ ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። የምዝገባ ቅጾቻችን ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጡ ስለሆኑ «First Name» እና «Last Name» የሚሉ ሣጥኖች አሏቸው። ለምሳሌ ያህል አመልካቿን አልማዝ ከበደ እንበላት። ሲስተሙ «Last Name» የሚለውን ወስዶ «ወይዘሮ ከበደ» ብሎ ሰላምታ ይጽፋል። ይህ በእኛ አገር የአባቷ ስም እንጂ የእርሷ አይደለም፤ አቶም ሆነ ወይዘሮ የሚሄደው ከራስ ስም ጋር ነው። ስለዚህ ሰላምታው የሚጠራው ሁልጊዜ የራስ ስምን ይሁን።

ሙሉ ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲሆን ደግሞ አንዳንድ ባለሙያዎች እስከ መጀመሪያው ክፍተት ያለውን ቃል የሚቆርጥ ቀመር ይሠራሉ። ለአልማዝ ከበደ ይሠራል። ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ማርያም ብለው በክፍተት ለሚጽፉ ሰዎችስ? «ጤና ይስጥልኝ አቶ ገብረ» የሚል ደብዳቤ ይወጣል። ስሙ የተቆረጠበት ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ትሕትና ሁሉ አያነበውም። መድኃኒቱ በቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን መጨመር ነው፦ «የራስ ስም» እና «እንዴት ብለን እንጥራዎ?» የሚል። በሁለተኛው ሣጥን ሰውየው አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ዶክተር፣ ቄስ፣ ሼህ፣ የፈለገውን ይጽፋል፤ ካልፈለገም ባዶ ይተወዋል። ስለ ጋብቻዋ ያልነገረችንን ሴት ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ብለን ከመገመትም እንድናለን።

ዝርዝሩ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ላይ ካላችሁ፣ የራስ ስም በ«A» መጠሪያው በ«B» ዓምድ ላይ ሲሆን፣ ሰላምታውን በዚህ ቀመር እዚያው ዝርዝሩ ላይ አዘጋጁት፦

```
="ጤና ይስጥልኝ " & TRIM(B2 & " " & A2) & "፦"
```

መጠሪያው ባዶ ከሆነ «TRIM» ትርፍ ክፍተቱን ስለሚያነሣው «ጤና ይስጥልኝ አልማዝ፦» ይላል፤ ካለም «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ አልማዝ፦» ይላል። የዚህ ጥቅሙ ምንም ከመላኩ በፊት ሰላምታዎቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ላይ በዓይናችሁ ማየት መቻላችሁ ነው። ከዎርድ ጋር አገናኝታችሁ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የምትልኩ ከሆነም በ«Mailings» ሥር ያለውን «Preview Results» ተጫኑና ቢያንስ ሦስት ሰዎችን ተመልከቱ፦ ስሙ ረጅሙን፣ መጠሪያው ባዶ የሆነውን፣ ስሙን በክፍተት የሚጽፈውን። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የሌሎቹ አይበላሽም ማለት ይቻላል።

የቀንና የሰዓት ጉዳይ ደግሞ በራሱ ሌላ ፈተና ነው። «እስከ 05/01/18» ብለን የጻፍንለት ሰው ምን ይረዳል? አንዱ መስከረም 5 ይላል፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ይላል፣ ሌላው ሜይ 1 ይላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «11 ሰዓት» አዲስ አበባ ላለው የሥራ መውጫ ሰዓት ሲሆን፣ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ለሚጠቀም ዱባይ ላለች አመልካች ግን ረፋድ ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ በቴምፕሌቱ ላይ ቀኑ ሁልጊዜ ከነዕለቱና ከነወሩ ስም ይጻፍ፦ «ሐሙስ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት»። ከአገር ውጭ ላለ ሰው ሲሆን ደግሞ «ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው» የሚል መስመር ጨምሩ። ዕለቱን መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። ዓመት ሲለወጥ ያው ቀን ወደ ሌላ ዕለት ስለሚንሸራተት፣ ያለፈው ዓመት ቀን በቴምፕሌቱ ላይ ሳይታደስ ቢቀር ዕለቱ ከቀኑ ጋር አይገጥምም፤ የካሌንደር ዓይን ያለው ሠራተኛም ወዲያው ይይዘዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሻለሁ፤ እርሱም ክፍቱ ዐረፍተ ነገርና ፍተሻው ነው።

ክፍቱን መስመር እንዴት እንደምንሞላው በሁለት ማመልከቻዎች ላሳያችሁ። ሁለቱም የጎደላቸው ሰነድ ትራንስክሪፕት ነው፤ ሁለቱም ለሂሳብ አያያዝ ሥልጠና ያመለከቱ ናቸው። የመጀመሪያዋ አልማዝ ናት። በማመልከቻዋ ግርጌ «የተማርኩት ጎንደር ስለሆነ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ጊዜ ይወስድብኛል» ብላ ጽፋለች። ለእርሷ የሚገባው መስመር ይህ ነው፦ «ትራንስክሪፕትዎን ከጎንደር ለማስመጣት ጊዜ እንደሚወስድ ጽፈውልናል፤ ለጊዜው እጅዎ ላይ ያለውን ኮፒ በስካን ቢልኩልን ለምዝገባ እንቀበለዋለን፤ ኦሪጅናሉን ትምህርት በሚጀመርበት ዕለት ይዘው መምጣት ይችላሉ።» ሁለተኛው አመልካች ምንም አልጻፈም፤ ነገር ግን ትራንስክሪፕቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ልኳል፤ ጥላ ስላረፈበት የታችኛው ግማሽ አይነበብም። ለእርሱ የሚሆነው መስመር ደግሞ ይህ ነው፦ «የላኩት የትራንስክሪፕት ፎቶ ደርሶናል፤ የላይኛው ክፍል በደንብ ይነበባል፤ ከሦስተኛው ሴሚስተር ወዲህ ያለው ግን ጥላ ስላረፈበት ውጤቶቹን ማየት አልቻልንም፤ ብርሃን ባለበት ቦታ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው እንደገና ቢያነሡት ይበቃል።»

የቀረው ደብዳቤ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሁለቱን ደብዳቤዎች ግን ብናቀያይራቸው ምን ይሆናል? አልማዝ ስለ ጥላው ግራ ይገባታል፤ እርሱም ስለ ጎንደር ግራ ይገባዋል። የግል ደብዳቤ መለኪያው ይኸው ነው፦ መስመሩ ለሌላ አመልካች ቢላክ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ገና አልተሞላም። «ማመልከቻዎን በደስታ አንብበናል» የሚለው ለሁሉም ስለሚሆን ለማንም አይደለም። ሰውየው ምንም ካልጻፈ፣ የላከውም ነገር ምንም ልዩ ነገር ከሌለው፣ መስመሩን ሙሉ በሙሉ አጥፉትና ደብዳቤው አጭር ሆኖ ይሂድ። አጭር ደብዳቤ ማንንም አያስቀይምም፤ በሰው ላይ የተለጠፈ ሐሰተኛ ሞቅታ ግን ያስቀይማል።

እዚህ ላይ አንድ የማልረሳውን ነገር ልንገራችሁ። አንዲት የማውቃት ወጣት አባቷ በድንገት ስላረፉ ከጀመረችው ትምህርት ለመውጣት ለተቋሟ ኢሜይል ጻፈች፤ ምክንያቱንም በግልጽ አስቀምጣ ነበር። የመጣላት መልስ «የመልቀቂያ ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። በቀጣይ ሥራዎ መልካም ዕድል እንመኛለን» የሚል ነበር። እርሷ ያሳየችኝ ከለቅሶው ቤት ሳትወጣ ነው። ጽሑፉ ስድብ የለበትም፤ ሰዋስውም አልጎደለውም፤ ቴምፕሌት ሆኖ ሲታይ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሳይል አያልፍም ነበር። ስለዚህ በየቢሮአችሁ ቴምፕሌት የማይነካቸውን ጉዳዮች በጽሑፍ ለዩ፦ ሞት ወይም ሕመም የተጠቀሰበት ኢሜይል፣ ቅሬታ፣ ቃለ መጠይቅ ድረስ መጥቶ ያላለፈ ሰው፣ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው። እነዚህ ከባዶ ይጻፋሉ። ሥራው በቴምፕሌት የቀለለልን እንዲህ ላሉት ደብዳቤዎች ጊዜ እንዲተርፈን ነው።

አሁን ፍተሻውን በአጭሩ ላስረዳ። ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ በኮምፒውተር ላይ የጥርሳም መንኮራኩሩን ምልክት ተጭናችሁ «See all settings» ከዚያ «Advanced» ውስጥ ግቡና «Templates» የሚለውን «Enable» አድርጉ፤ ከታች «Save Changes» ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን በአዲስ ኢሜይል ላይ ጽፋችሁ ከታች ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች በኩል «Templates»፣ «Save draft as template»፣ «Save as new template» ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ራሱ የሚገባውን ፊርማ አጥፉት፤ አለበለዚያ ወደፊት ቴምፕሌቱን ስትጠሩት ፊርማው ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከሌላ ቦታ ገልብጣችሁ የምትለጥፉትን ጽሑፍም በ«Ctrl+Shift+V» ለጥፉት። በተራው መንገድ ከተለጠፈ የፊደሉ መጠንና ቅርጽ ከቀረው ስለሚለይ፣ የትኛው መስመር በእጅ እንደተጻፈ የትኛውም እንደተለጠፈ አንባቢው በዓይኑ ያያል።

ሦስቱን የቁጥር ምልክቶች የመረጥኩበት ምክንያት በአማርኛ ደብዳቤ ውስጥ በሌላ ምክንያት ስለማይገኙ ነው። ሠራተኛው ከመላኩ በፊት «Ctrl+F» ተጭኖ «###» ብሎ ይፈልጋል፤ አንድም ካልተገኘ ክፍት የቀረ ቦታ የለም ማለት ነው። ነጠብጣብ ወይም ቅንፍ ብትጠቀሙ ከተራው ጽሑፍ ጋር ይቀላቀልባችኋል። የተቀባዩን አድራሻ ደግሞ ይህ ፍተሻ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ጻፉ፤ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ እጅ ቢያዳልጥም አይሄድም። «General» ውስጥ ያለውን «Undo Send» ወደ 30 ሰከንድ ከፍ ማድረጉም ይረዳል፤ የሰው ስም መሳሳታችን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ከላክን በኋላ ነውና።

የመጨረሻው የቴምፕሌት እርጅና ነው። በጂሜይል የተቀመጠ ቴምፕሌት በዚያ ሠራተኛ አድራሻ ላይ ብቻ ስለሚኖር፣ ስልክ ወይም የምዝገባ ቀን ሲለወጥ አንዱ ቢያድሰው የሌሎቹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሁላችሁም በምትከፍቱት አንድ የጋራ ሰነድ ላይ ይቀመጥ፤ በራሱ ላይ የታደሰበት ቀንና ያደሰው ሰው ስም ይጻፍበት። ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ሌሎቹ ያድምጡት። በዓይን ያለፍነውን የተሰበረ ዐረፍተ ነገር ጆሮ ይይዘዋል። በዚያው ስብሰባ ባለፈው ዙር አመልካቾች ደጋግመው የጠየቁት ጥያቄ ካለ መልሱን ወደ ቋሚው ክፍል አስገቡ። በክፍቱ መስመር ላይ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ስትጽፉ ራሳችሁን ካገኛችሁ፣ ያ መስመር ከክፍቱ ወጥቶ ወደ ቋሚው የሚሻገርበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ለዕረፍት እንወጣለን። ስንመለስ ላፕቶፕ ያላችሁ «Sent» ውስጥ ገብታችሁ በጎደለ ሰነድ ላይ የጻፋችኋቸውን ደብዳቤዎች አውጡ፤ የአመልካቾቹን ስምና ስልክ አጥፉና ለጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው ስጡት። ቋሚውን፣ ተለዋዋጩንና ክፍቱን በሦስት ቀለም እርሱ ይለይላችኋል፤ የእርሱን ደግሞ እናንተ ትለዩለታላችሁ። ቀለሞቹ በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።